መድኃኒቱ ከመስኮቱ ከመውጣቱ በፊት፦ ስለ ሌሊት ተረኛ ፋርማሲስት አጭር ልብ ወለድ እንዴት ይጻፋል?

ስለ ሆስፒታል የሚጻፉ አጫጭር ልብ ወለዶች አብዛኞቹ የሚሰናከሉት አንድ ቦታ ላይ ነው። ደራሲው ሌሊቱን፣ ብርዱንና የደከመችውን ባለሙያ አሳምሮ ይሥልና ስሕተቱ ላይ ሲደርስ «መጠኑ ከሚገባው በላይ መሆኑን ስታይ ክው አለች» ብሎ ያልፋል። የቱ መድኃኒት? ስንት ነበር? ስንት መሆን ነበረበት? እንዴትስ አየችው? አንባቢ ይህን ሳያውቅ አብሮ ክው ሊል አይችልም። የሚደነግጠው ሂሳቡን ራሱ ሠርቶ ሲደርስበት ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች አንድ ታሪክ ከባዶ ተነሥተን እንገነባለን። ቦታው ደሴ፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ያለ የድንገተኛ ክፍል ፋርማሲ ነው። ሰዎቹ ፈጠራ ናቸው፤ መድኃኒቱና ቁጥሮቹ ግን እውነተኛ ናቸው።

1. ከሰዎቹ በፊት ስሕተቱን ይምረጡ

መድኃኒቱ አንባቢው ቤት ውስጥ ያለ ይሁን። ስሙ ሲጠራ የሚያስፈራ መድኃኒት፣ ለምሳሌ የካንሰር ወይም የልብ፣ ከመረጡ አንባቢው ገና ስሙን ሲሰማ ይጠነቀቃል። ፋርማሲስቷም ትጠነቀቃለች፤ ስለዚህ ስሕተቱን ማግኘቷ ማንንም አይገርምም። ፓራሲታሞልን ግን ማን ይፈራል? ከሱቅ ይገዛል፣ ከጎረቤት ይዋሳል፣ ራስ ምታት ያለበት ሰው ሳያስበው ይውጠዋል። ታሪካችን የሚያስፈልገው ይህን ያለመፍራት ነው።

ለሕፃናት የሚሆን ፓራሲታሞል በሁለት ዓይነት ፈሳሽ ይገኛል። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም በአንድ የሻይ ማንኪያ ልክ፣ 120 ሚሊ ግራም መድኃኒት ይይዛል። ጠብታው የተዘጋጀው ማንኪያ ሙሉ መዋጥ ለሚያስቸግራቸው ሕፃናት ስለሆነ የጠነከረ ነው፤ በ1 ሚሊ ሊትር ብቻ 100 ሚሊ ግራም አለው። የሁለቱም ስም አንድ ነው፤ የሁለቱም ሥራ አንድ ነው። ሽሮፕ ሲያልቅ ጠብታ ቢተካ ማንም ቅር አይለውም። ነገር ግን በማዘዣው ላይ የነበረው የሚሊ ሊትር ቁጥር እንደነበረ ወደ ጠብታው ከተሻገረ ሕፃኑ ከአራት እጥፍ በላይ ይወስዳል።

ይህ ለታሪክ ሲባል የተፈጠረ አደጋ አይደለም። በአሜሪካ የሕፃናት ፓራሲታሞል አምራቾች በ2011 እ.ኤ.አ. የተጠናከረውን ጠብታ ትተው የሕፃናቱንም የልጆቹንም ፈሳሽ በአንድ ልክ፣ በ5 ሚሊ ሊትር 160 ሚሊ ግራም፣ ለማድረግ የወሰኑት ወላጆች ሁለቱን እያምታቱ ሕፃናት ከመጠን በላይ ስለሚወስዱ ነበር። በእኛ መደርደሪያ ላይ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ታሪኩ የሚጀምረውም ከዚያ መደርደሪያ ነው።

2. ሂሳቡን በወረቀት ላይ ይጨርሱ

አንድ ዓረፍተ ነገር ከመጻፍዎ በፊት የሕፃኑን ክብደት ይወስኑ። ክብደት የሌለው ሕፃን በታሪክ ውስጥ ሊያለቅስ ይችላል፤ መድኃኒት ግን ሊታዘዝለት አይችልም። የእኛ ሕፃን አህመድ ይባላል፤ የ10 ወር ልጅ ነው፤ 8 ኪሎ ይመዝናል።

የፓራሲታሞል መጠን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው፤ በቀን ከአራት ጊዜ በላይ አይሰጥም። ለ8 ኪሎ ሕፃን ይህ በአንድ ጊዜ ከ80 እስከ 120 ሚሊ ግራም ይሆናል። ሐኪሙ «ፓራሲታሞል ሽሮፕ፣ 5 ሚሊ ሊትር በየ6 ሰዓቱ፣ ለ3 ቀን» ብሎ ጻፈ። አምስት ሚሊ ሊትር ሽሮፕ 120 ሚሊ ግራም ነው። ማዘዣው ትክክል ነው፤ ይህን ያስታውሱ።

አሁን በሽሮፑ ቦታ ጠብታ ይግባ። አምስት ሚሊ ሊትር ጠብታ 500 ሚሊ ግራም ነው፤ አንድ አዋቂ ሰው የሚውጠው ሙሉ ክኒን ማለት ነው። በቀን አራት ጊዜ ሲሰጥ 2000 ሚሊ ግራም ይሆናል። ለ8 ኪሎ ሲካፈል በኪሎ 250 ሚሊ ግራም ይመጣል። ሐኪሞች በአንድ ቀን ውስጥ በኪሎ ከ150 ሚሊ ግራም በላይ የተወሰደ ፓራሲታሞልን ጉበት ላይ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል አድርገው ያዩታል። እዚህ ያን ልክ ገና ቀኑ ሳይሞላ አልፈነዋል።

ከዚህ ሂሳብ ጋር አንድ የሚያስቸግር ነገር ይመጣል። ይህ መርዝ ቀርፋፋ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሕፃኑ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ቢያስታውክ፣ ጡት እምቢ ቢል እንኳ የበሽታው ነው ይባላል። ጉዳቱ ጎልቶ የሚወጣው በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ነው። ማርከሻው፣ አሲቲልሲስቴይን፣ ከሁሉ በላይ የሚሠራው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ነው። ስለዚህ በታሪክዎ ውስጥ ሕፃኑ መስኮቱ ሥር ራሱን እንዲስት ማድረግ አይችሉም። እኔ ይህን እንደ ችግር አላየውም። አደጋው እዚያ ሌሊት ላይ የማይታይ መሆኑ ፋርማሲስቷን ብቻዋን ያስቀራታል፤ ከእርሷ በቀር የፈራ ሰው የለም።

3. ስሕተቱ በእነማን እጅ እንዳለፈ ይከተሉ

ሰነፍ ሐኪም ወይም ግዴለሽ ሠራተኛ ፈጥረው ጥፋቱን ካሸከሙት ታሪኩ የክስ ወረቀት ይሆናል። ሦስት ሰዎች እያንዳንዳቸው ትክክል የሚመስል ነገር ሲሠሩ ያሳዩ።

ሐኪሙ ትክክለኛ መጠን አዘዘ፤ የጻፈው ግን በሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ሚሊ ግራሙን አልጻፈም፤ ሽሮፕ መኖሩን በልቡ ይዟል። የምሽቱ ፋርማሲስት ደረጀ ሽሮፑ ስላለቀ ጠብታ አወጣ። ማዘዣው ለ3 ቀን በቀን አራት ጊዜ አምስት አምስት ሚሊ ሊትር ስለሚል በጠቅላላው 60 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። የጠብታው ብልቃጥ 15 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ አራት ብልቃጥ ቆጠረ። ሂሳቡ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተውን ነገር ነው ያሰላው። በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ «1 የሻይ ማንኪያ፣ በየ6 ሰዓቱ» ብሎ ጻፈ፤ ሰዓቱም ከምሽቱ 2 ሰዓት ከሃምሳ ነበር፤ ወደ ቤቱ ሊሄድ አሥር ደቂቃ ቀርቶታል።

መድኃኒቱ ግን ወዲያው አልተወሰደም፤ ቤተሰቡ የደም ምርመራ ውጤት እየጠበቀ ነበር። ከረጢቱ «ያልተወሰዱ» የሚቀመጡበት ጥግ ላይ ቆየ። ደረጀ ለሌሊቷ ተረኛ ለሐያት ሲያስረክብ «የልጆች ሽሮፕ አልቋል፤ ጠብታ አለ» አላት። ይህም እውነት ነው። የርክክብ ዓረፍተ ነገር እውነት ሆኖ እንደማይበቃ ማሳየት ከፈለጉ ከዚህ የተሻለ አያገኙም፤ በትረካው ውስጥ ግን አያብራሩት፤ ደረጀ ጃኬቱን እየለበሰ ይናገረውና ይሂድ።

ይህ መንገድ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። ሐያት የምታስረክበው ራሷ ያላዘጋጀችውን መድኃኒት ነው። ሰው የሌላውን ሰው ሥራ የሚያምንበት ምክንያት ሞልቷል፤ በተለይ ደረጀን የመሰለ ልምድ ያለው ባልደረባ ሲሆን።

4. ወሎን በሰዎቹ አፍ ያምጡት

ጦሳ ተራራን በሁለት አንቀጽ መግለጽ የሚያስፈልግ ይመስልዎታል፤ አያስፈልግም። ደሴ ሌሊት ይበርዳል፤ ይህን ለማሳየት አግዳሚ ወንበር ላይ በጋቢ ተጠቅልለው የተኙ አስታማሚዎችን በአንድ ሐረግ መጥቀስ ይበቃል። ቤተሰቡ የመጣው ከኩታበር ነው፤ ሲነጋ በመጀመሪያው ሚኒባስ ይመለሳል። ይህች አንዲት መረጃ ሁለት ሥራ ትሠራለች፤ ቦታ ትነግረናለች፤ መድኃኒቱ አንዴ ከወጣ ተከትሎ መመለስ ከባድ እንደሆነም ታሳውቀናለች።

ወደ መስኮቱ የምትመጣው እናቲቱ አትሁን። እናት ሕፃኑን ታቅፋ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ትቀመጥ፤ መድኃኒቱን ሊያመጡ አያቲቱ እማማ ዘይነባ ይላኩ። ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ነገር ወደ እርሳቸው የሚደርሰው በሐያት አፍ ብቻ ነው፤ ሐያት ደግሞ አፏን ከመክፈቷ በፊት ማየት አለባት። ማንበብ የሚችል ሰው ቢመጣ ኖሮ «እንደተጻፈው ይስጡት» ተብሎ ይሸኝ ነበር፤ ታሪኩም እዚያው ያልቅ ነበር።

በአነጋገራቸው ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ሐያት እማማ ዘይነባን በአንቱታ ትናገራለች፤ እርሳቸው ደግሞ «ልጄ»፣ «የኔ ዓለም» እያሉ ይመርቋታል፤ ሰላምታው ረዘም ይላል፤ እንዴት አመሸሽ፣ ብርዱ እንዴት ነው፣ እናትሽ ደኅና ናቸው ወይ። አንዳንድ ደራሲ ወሎዬነትን ለማሳየት በየዓረፍተ ነገሩ «አብሽር» ይበትናል። አንዴ፣ በትክክለኛው ቦታ፣ ይበቃል። እኔ ለመጨረሻው ግድም አስቀምጬዋለሁ።

ሰዓቱንም በራሳችን አቆጣጠር ይጻፉ። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የመጀመሪያው ከተሰጠ ቀጣዮቹ ጠዋት 1፣ ቀን 7፣ ማታ 1 ናቸው። እማማ ዘይነባ መያዝ ያለባቸው ሁለት ቁጥር ብቻ ነው ማለት ነው።

5. ምልክቱን አስቀድመው ያስቀምጡ፤ አይጠቁሙበት

አንባቢው ስሕተቱን ከሐያት ቀድሞ ማየት መቻል አለበት፤ ሳያየው ቢቀር ደግሞ ተመልሶ ሲያነብ «ፊቴ ነበረ» ማለት አለበት። የእኛ ምልክት አራቱ ብልቃጥ ነው። ለአንድ የ10 ወር ሕፃን፣ ለሦስት ቀን፣ አራት የጠብታ ብልቃጥ አይሰጥም። ፋርማሲ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ሲያነብ ወዲያው ይቆማል፤ ሌላው ያልፈዋል።

ለማሳለፍ ጥሩው መንገድ በደስታ መሸፈን ነው። እማማ ዘይነባ ከረጢቱን ሲያዩ ይቁጠሩ፦

> «አራት ነው?» አሉ በጣታቸው እየነኩ። «አራቱም ለእኛ? አላህ ይስጣችሁ። ባለፈው ጊዜ የጎረቤቴ ልጅ አንዲት ጠርሙስ ተሰጥቷት፣ ሳይሻላት አልቆባት።»
>
> ሐያት ፈገግ አለች። በሌሊት ፋርማሲ መስኮት ላይ የሚመርቅ ሰው ብዙ አይመጣም።

አንባቢው እዚህ የሚያየው ደስ ያላቸውን አሮጊት ነው። ቁጥሩ ግን ገብቷል። ደግሞም ያ ደስታ ኋላ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

6. እጇ የሚቆምበት ቅጽበት

ታሪኩ የሚወድቀውም የሚቆመውም እዚህ ነውና ጊዜ ይውሰዱበት። መጀመሪያ ሐያት የተለመደውን ምርመራ ታድርግ፤ ምርመራውም ይለፍ። ይህን የሚዘልሉ ደራሲዎች ፋርማሲስቷን ነቢይ ያደርጓታል።

> ማዘዣውን በግራ እጇ፣ የመጀመሪያውን ካርቶን በቀኟ ይዛ አመሳከረች። ስም፣ አህመድ። መድኃኒት፣ ፓራሲታሞል። አምስት ሚሊ ሊትር፤ አንድ የሻይ ማንኪያ። በየስድስት ሰዓቱ። የደረጀ ጽሑፍ እንደ ሁልጊዜው ጥርት ያለ ነው።

ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ነገር ይላሉ። ስሕተቱ በወረቀቶቹ መካከል አይደለም ያለው፤ በወረቀቱና በብልቃጡ መካከል ነው። ስለዚህ ወረቀት በማንበብ ሊገኝ አይችልም። ሊገኝ የሚችለው ብልቃጡን በመክፈት ነው፤ ብልቃጡ የሚከፈተውም ማንበብ የማይችሉ ሴት ፊቷ ስለቆሙ ነው።

> «ማንኪያ እቤት ይኖራል እማማ?»
>
> «የስኳሯ ማንኪያ አለች።»
>
> «እርሷን ይተዋት። እዚህ ውስጥ የራሱ መስጫ አለው። ላሳይዎት።» ካርቶኑን ከፈተች። ብልቃጡ አውራ ጣቷን ቢያክል ነው። ማንጠብጠቢያውን አወጣች፤ ላስቲኩን ጫን፣ ለቀቅ አደረገች። «እንዲህ ይስቡና እስከ…»
>
> መስመሩን ፈለገች። ግማሽ የሚል አለ። አንድ የሚል አለ። ከአንድ በላይ ላስቲኩ ነው።
>
> «እስከ የት ልጄ?»
>
> ሐያት አልመለሰችም። ካርቶኑን አገላብጣ ከጎኑ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ወደ መብራቱ አቀረበችው።

ልብ ይበሉ፤ «ክው አለች» አላልንም፤ ልቧም አልመታም። ከማንጠብጠቢያው ላይ አምስት የሚል መስመር ጠፋ፤ እርሷም ማውራት አቆመች። የቀረውን አንባቢው ይሥራው። በማንጠብጠቢያው አምስት ጊዜ መቅዳት የሚያስፈልግበት መጠን በብልቃጧ አሠሪዎች ዘንድ የታሰበ አይደለም፤ ዕቃው ራሱ «ይህ ለእኔ አይደለም» እያለ ነው።

ከዚያ በኋላ ሂሳቡ ይምጣ፤ አጭር ይሁን፤ በእጅ የሚሠራ ይሁን። ሐያት ካርዱን አንሥታ ክብደቱን ታያለች፤ 8 ኪሎ። ባዶ ካርቶን ጀርባ ላይ ትጽፋለች፦ በ1 ውስጥ 100፤ በ5 ውስጥ 500። ከሥሩ ለ8 ኪሎ የሚገባውን ትጽፋለች፤ ከ80 እስከ 120። ሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ከሌላው በላይ ተቀምጠው ማየት ይበቃል። በኪሎ የሚለውን፣ በቀን የሚለውን፣ 150 የሚለውን ታሪኩ ውስጥ አያስገቡ። እርስዎ የሠሩት እንዳይሳሳቱ እንጂ እንዲታይ አይደለም። ስለ ጉበትም ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይለፉ፦ «ሐሙስ ድረስ ምንም አይታይም ነበር» ቢሉ በቂ ነው።

መብራት አያጥፉ። ነጎድጓድ አያምጡ። አምቡላንስም ቢሆን ለሌላ ታሪክ ይቀመጥ።

7. ስልኩ

ይህ ትዕይንት አጭር ነው። መኖሩ ግን ግድ ነው፤ ፋርማሲስት ያየችውን ስሕተት በዝምታ አርማ አትሰጥም፤ ላዘዘው ሐኪም ታሳውቃለች። ሐኪሙንም አይቆጡት፣ አያዋርዱት፤ ሌላ ሕመምተኛ ላይ ነው።

> «ዶክተር፣ አህመድ ለሚባለው ልጅ ያዘዙት ሽሮፕ አልቋል። ያለን ጠብታ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር መቶ።»
>
> «እና?»
>
> «የተጻፈው አምስት ነው።»
>
> ለጊዜው ዝም አለ። «አልወሰዱትም?»
>
> «አልወሰዱትም። አንድ ሚሊ ሊትር ላድርገው?»
>
> «አንድ አድርጊው። ጎሽ።»

አንድ ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ነው፤ ለ8 ኪሎ ሕፃን ከሚገባው መካከል ይወድቃል። ልክ 120 እንዲሆን 1.2 ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን ማንጠብጠቢያው ላይ 1.2 የሚል መስመር የለም፤ በእማማ ዘይነባ ቤት በኩራዝ ወይም በስልክ መብራት የሚቀዳ መድኃኒት ላይ ደግሞ የሚታይ መስመር ከሁለት አሥረኛ ይበልጣል። ጥሩ ፋርማሲስት እንዲህ ነው የምታስበው፤ ይህን ምርጫ ታሪኩ ውስጥ ካስገቡ ባለሙያ አንባቢ ያከብርዎታል።

8. ከአሮጊቷ ላይ መልሶ መውሰድ

ብዙዎች ታሪኩን ስልኩ ላይ ይጨርሱታል። እኔ ግን ዋናው ግጭት ገና አሁን ይጀምራል ባይ ነኝ። እማማ ዘይነባ አራት ተሰጥቷቸዋል፤ መርቀዋል። ሐያት አሁን ሦስቱን መንጠቅ አለባት፤ ምክንያቱም አንዱ ብልቃጥ ለሦስት ቀን ይበቃል፤ 12 ጊዜ አንድ ሚሊ ሊትር 12 ነው፤ ሦስት ሚሊ ሊትር ይተርፋል።

> «ሦስቱን ልመልሳቸው እማማ።»
>
> «ምነው? ተሰጥቶኝ?»
>
> «ለልጁ አንዱ ይበቃዋል። ይኼኛው ብርቱ ነው።»
>
> «ብርቱ ከሆነማ ጥሩ አይደል? ትኩሳቱም ብርቱ ነው።»

የእርሳቸው አመክንዮ ሞኝነት አይደለም፤ እንዲያ አድርገው አይጻፉት። መድኃኒት ጠፍቶ «ከውጭ ግዙ» ሲባል የኖረ ሰው የተሰጠውን ይይዛል። ሐያት የምታስረዳው በቃል ቢሆን አይሳካላትም፤ ስለዚህ ዕቃ ትጠቀም። አንድ ኩባያ ውኃ ታምጣ፤ ማንጠብጠቢያው ላይ አንድ የሚለውን መስመር በጥቁር ብዕር ታክርረው፤ ካርቶኑ ላይ ፀሐይና ጨረቃ ትሣል፤ ለጠዋትና ለቀን ፀሐይ፣ ለማታና ለሌሊት ጨረቃ። ከዚያ «አሁን እርስዎ ያሳዩኝ» ትበል። እማማ ዘይነባ በመጀመሪያው ሙከራ ጫፉን ውኃው ውስጥ ሳያስገቡ ላስቲኩን ይልቀቁት፤ አየር ይቅዱ። በሁለተኛው መስመሩን ይለፉት። በሦስተኛው ይድረሱበት። ይህን በዝርዝር ይጻፉ፤ እውነተኛው የፋርማሲ ሥራ ይህ ነው፤ ሌላው ቆጠራ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ይጨምሩ፤ እኔ በጣም የምወደውን። ሐያት የተመለሱትን ካርቶኖች ትቁጠር፤ ሁለት ይሁኑ። አንዱ በእማማ እጅ ነው። አንድ ጎደለ።

> «አራተኛውስ እማማ?»
>
> እማማ ዘይነባ ወደ አግዳሚው ወንበር ዞር አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው ከመቀነታቸው ሥር አወጡት።
>
> «ለታላቁ ልጅ ብዬ ነበር። እርሱም ሌሊት ሌሊት ያተኩሰዋል።»
>
> «አብሽሩ እማማ፤ እርሱንም ያምጡትና ይታይ። ይህን ግን ይስጡኝ።»

ካርቶኑ ላይ አሁንም «1 የሻይ ማንኪያ» የሚለው የደረጀ ጽሑፍ አለበት። ያ ካርቶን በመቀነት ሥር ወደ ኩታበር ቢሄድ ኖሮ፣ ለሌላ ልጅ፣ ማንበብ በሚችል ጎረቤት ተነብቦ፣ በማንኪያ ይሰጥ ነበር። ይህንንም ለአንባቢው አይንገሩት። ሐያት ካርቶኑን ተቀብላ ጽሑፉን በብዕር ስትሰርዝ ያሳዩት፤ ይደርስበታል።

9. መጨረሻው

ሕፃኑ ድኖ በሁለት ዓመቱ ወደ ፋርማሲው ሲመጣ አይጨርሱ። ሐያትም ስትሸለም አይጨርሱ። ሐያት በዚያ ሰዓት ምን ማድረግ አለባት ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ መጨረሻዎን ይሰጥዎታል። ሽሮፑ ያለቀው ምሽት ላይ ነው። ከአህመድ በፊት ጠብታ የተሰጠው ሌላ ሕፃን አለ ወይ? አንድ ባለሙያ እማማ ዘይነባን እንደሸኘች የሚመጣባት የመጀመሪያ ሐሳብ ይህ ነው፤ እስካሁን ባነበብኳቸው እንዲህ ባሉ ታሪኮች ውስጥ ግን አላገኘሁትም።

ስለዚህ ሐያት የምሽቱን ማዘዣዎች ከሽቦው ላይ አውልቃ አንድ በአንድ ታገላብጥ። የአዋቂ፣ የአዋቂ፣ የቁስል ቅባት። ከዚያ አንድ የሕፃን ማዘዣ ታገኛለች፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ 12 ኪሎ፣ ፓራሲታሞል ሽሮፕ። እዚህ ሁለት መንገድ አለዎት። አንደኛው፣ ያም ስሕተት ሆኖ ሐያት ካርዱ ላይ ያለውን ስልክ ስትደውል መጨረስ ነው። ጥሩ ነው፤ ልብ ያንጠለጥላል። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፦

> «ሽሮፕ» የሚለው ተሰርዞ ከጎኑ በደረጀ ጥርት ያለ ጽሑፍ «ጠብታ፣ 1.5 ሚሊ ሊትር» ይላል። ፊርማ አለው። ለሐኪሙ መደወሉም ተጽፏል።

ለ12 ኪሎ 150 ሚሊ ግራም፤ ልክ ነው። ደረጀ ያውቅ ነበር። በ12 ሰዓት ተኩል ያውቅ የነበረውን ነው በ3 ሰዓት ጫፍ ላይ ያመለጠው። ይህ መጨረሻ አንባቢውን ደረጀን በመኮነንና ለእርሱ በማዘን መካከል ይተወዋል፤ ሐያትንም እንዲሁ፤ ምክንያቱም የእርሷ ተራ የሚያልቀው ጠዋት ነው፤ ገና ከ5 ሰዓት በላይ ይቀራታል። ይህን የመጨረሻ ቁጥር ከጻፉ በኋላ ብዕርዎን ያንሡ።

10. ከማውጣትዎ በፊት

ረቂቁን ለሁለት ሰው ይስጡ። አንዱ ፋርማሲ ውስጥ የሠራ ይሁን፤ የት ላይ እንደጠረጠረ ብቻ ይጠይቁት። «አራት ብልቃጥ» ሲል ምልክትዎ ሠርቷል፤ «ማንጠብጠቢያው» ካለ አራቱን ብልቃጥ ከሚገባው በላይ ሸፍነውታል፤ የእማማን ምርቃት አሳጥሩ። ሌላው ከሙያው ውጭ ያለ ይሁን፤ ታሪኩን ጨርሶ «ለምን ሦስቱን ወሰደችባቸው?» ብለው ይጠይቁት። «ጠብታው ስለሚበረታ» ብሎ ከመለሰ ሂሳቡ ገብቶታል። «ስለተሳሳቱ» ብቻ ካለ ወደ ስድስተኛው ክፍል ይመለሱና ሁለቱን ቁጥሮች፣ 500ንና 120ን፣ ካርቶኑ ጀርባ ላይ ይበልጥ አቀራርበው ይጻፏቸው።